የንባብ ምርጫቸውን ለማታውቁት ሰው መጽሐፍ ስትሰጡ፦ ከማጣራት እስከ መቀየር

ጎንደር ፒያሳ መጽሐፍ ስሸጥ በብዛት የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለስጦታ የሚሆን ጥሩ መጽሐፍ ስጠኝ።» «ለማን?» ስል መልሱ ከዝምድናው አያልፍም፤ ለአለቃዬ፣ ለእጮኛዬ አባት፣ ለአከራያችን ልጅ። በዚህ ብቻ የተገዛ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ከሦስት በአንዱ ይከሽፋል። ሰውየው ቀድሞ አንብቦታል፣ ወይም ሠላሳ ገጽ ላይ አቁሞታል፣ ወይም ርዕሱን አይቶ ቅር ብሎታል።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እነዚህን ሦስቱን ለመከላከል ነው። ሁሉንም ደረጃ በአንድ ጉዳይ ላይ እያሳየሁ እሄዳለሁ። አንድ ወጣት የእጮኛው አባት ጡረታ ሲወጡ መጽሐፍ ሊሰጣቸው ፈለገ። ሰውየው በመብራት ኃይል ሲሠሩ የኖሩ፣ በወጣትነታቸው አሥመራ የነበሩ፣ አሁን አዘዞ የሚኖሩ ናቸው። ከዚህ በላይ የሚያውቀው አልነበረም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያዙ። አብዛኛው አማርኛ መጽሐፍ የሚታተመውም የሚከፋፈለውም አዲስ አበባ ነው። እዚህ መደርደሪያ ላይ የሌለ መጽሐፍ በሰው ወይም በመኪና ተልኮ መምጣት አለበት፤ መንገዱ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ዋዜማው ላይ የመጣ ገዢ የሚያገኘው የተረፈውን ነው።

ገንዘባችሁን ሁሉ ለአንድ ወፍራም መጽሐፍ አትመድቡ። ሰዎች ወፍራም መጽሐፍ የበለጠ ያከብራል ብለው ያስባሉ። ምርጫውን ለማታውቁት ሰው ግን መካከለኛ ውፍረት ያለው መጽሐፍ ይሻላል፤ ባይወደው እንኳ ሸክም አይሆንበትም።

1. ስለ ሰውየው አጣሩ

ትልቁ ሥራ ይህ ነው። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው የቀሩት ደረጃዎች አያድኑትም።

*ምን እንደሚወድ አትጠይቁ።* ወጣቱ አንድ ቀን ቡና ላይ «አባባ፣ ምን ዓይነት መጽሐፍ ይወዳሉ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። «የተገኘውን ሁሉ ነዋ ልጄ» አሉት። እንዲህ የሚመልሱት እንግዳን ላለማስቸገር ነው፤ ለመምረጥ የሚረዳ ነገር ግን የለበትም። ለራሳቸው ለተቀባዩ የሚቀርብ ጥያቄ ስጦታውንም አስቀድሞ ያሳውቃል።

*ከቤት ሰው አንዱን ያዙ፤ ጥያቄያችሁም ይህ ይሁን፦* «መጨረሻ ላይ ጀምሮ የጨረሰው መጽሐፍ የቱ ነው?» «ጨረሰው» የሚለውን አጥብቁ። ሰው ብዙ ነገር ይጀምራል፤ ስለ ምርጫው የሚናገረው ግን እስከ መጨረሻው ገጽ የወሰደው ነው። የቤቱ ሰው ርዕሱን ካላስታወሰ የሽፋኑን ቀለም፣ ውፍረቱን፣ ስለ ምን ያወራ እንደነበር ጠይቁ። በዚህ ምልክት እንኳ ብዙ ጊዜ መጽሐፍ ሻጭ ያውቀዋል።

*ቀጥላችሁ ተጀምሮ የቀረውን ጠይቁ።* የት ገጽ ላይ ምልክት እንደቀረበት ይታይ። ቤታቸው የመግባት ዕድል ካላችሁ ራሳችሁ ተመልከቱ፤ ግን ሳሎን ቡፌ ውስጥ በመስታወት ከተደረደሩት ብዙም አትማሩ። እነዚያ በአብዛኛው ሽልማት፣ የተማሪ ቤት መጽሐፍና የድሮ ስጦታ ናቸው። የሚነበበው ራስጌ ያለው፣ ሬዲዮው አጠገብ የተቀመጠው፣ ጠርዙ የለሰለሰው ነው።

*ስለ ዓይን ጠይቁ።* ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ነገር ማየት እየከበደ መሄዱ ለሁሉም ሰው የሚደርስ ነው። ተቀባያችሁ በዚያ ዕድሜ ካለ መነጽር አለው ወይ፣ መነጽሩ የቆየ ነው ወይ፣ የሚያነበው ቀን ነው ማታ የሚለውን እወቁ።

*መጽሐፍ የሚያከራይ ሱቅ በሰፈሩ ካለ ጎራ በሉ።* አከራዮች ማን ምን ወስዶ በስንት ቀን እንደመለሰ ያውቃሉ። በሁለት ቀን የተመለሰ ወፍራም ልብ ወለድ ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል። ስትጠይቁ ግን ለስጦታ እንደሆነ ንገሯቸው፤ የደንበኛቸውን ነገር ለማያውቁት ሰው አያወሩም፤ ልክም ናቸው።

ወጣቱ እጮኛውን ጠየቀ። አባቷ በቅርቡ የጨረሱት አንድ የቀድሞ ሹም የጻፈውን የሕይወት ታሪክ ነው፤ ሁለት ጊዜም አንብበውታል። ተጀምሮ የቀረ ደግሞ አለ፤ ዓምና የተሰጣቸው ልብ ወለድ አርባኛው ገጽ አካባቢ ደረሰኝ ገብቶበት ተቀምጧል። ወዲያው «ልብ ወለድ አይወዱም ማለት ነው» አለኝ። ሁለቱንም መጻሕፍት በስልክ ፎቶ አንስታ እንድትልክለት ነገርኩት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ከውስጥ ገጻቸው ጭምር።

ፎቶው ሲመጣ ነገሩ ሌላ ሆነ። የሕይወት ታሪኩ ፊደል ትልቅና የተራራቀ፣ ልብ ወለዱ ደግሞ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ነበር። ሰውየው የጠሉት ልብ ወለድን ይሁን ፊደሉን በዚህ ብቻ መወሰን አይቻልም። ስለዚህ ልብ ወለድን አላወጣንም፤ የፊደል መጠንን ግን ከሁሉ በፊት የሚታይ መስፈርት አደረግነው። ተጀምሮ የቀረ መጽሐፍ ስታገኙ ሁልጊዜ እንዲህ አድርጉ፤ ስለ ምርጫ ከመፍረዳችሁ በፊት ገጹን ተመልከቱ።

2. የማይሰጡትን አውጡ

ሰውየውን በደንብ ስታውቁት የሚፈቀዱ፣ በማታውቁት ጊዜ ግን የማይሰጡ አሉ።

የሃይማኖት መጽሐፍ ይቅር። ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲሄድ ማየታችሁ ምን ማንበብ እንደሚፈልግ አይነግራችሁም፤ ከየትኛው መምህር መቀበል እንደሚፈልግማ ጨርሶ አይነግራችሁም።

ምክር የሚሰጥ መጽሐፍም ይቅር። ስለ ትዳር፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ ስንፍና፣ ስለ ቁጣ የተጻፈ ሁሉ ከማያውቁት ሰው እጅ ሲመጣ እንደ ወቀሳ ይነበባል። «ምን አይቶብኝ ነው?» የሚል ጥያቄ ከተነሣ ስጦታው አበቃ።

ስለ ሰሞኑ ፖለቲካ የተጻፈውን ተዉት። በቅርብ ዘመን ታሪክም ላይ ተጠንቀቁ። ጎንደር ላይ ታሪክ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ገጽ ሁለት መቶ ላይ ስሙ በክፉ የተነሣው ሰው የተቀባዩ አጎት ሊሆን ይችላል። የግድ ታሪክ ልስጥ ካላችሁ መጨረሻው ላይ የስም ማውጫ ካለ አገላብጡት፤ በቤተሰቡ የሚታወቅ ስም ካገኛችሁ ያንን ገጽ ሳታነቡ አትግዙ።

ስለ ደራሲው ዝና ብቻ ሰምታችሁ አትግዙ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ታላቅ ደራሲ ነው፤ ሌቱም አይነጋልኝን ለእጮኛችሁ አባት ብትሰጡ ግን ስለ መኝታ በግልጽ የተጻፈውን እያነበቡ እናንተን ያስባሉ። ይህ መጽሐፍ ሰውየውን በቅርብ ለሚያውቅ ይቆይ።

በመጨረሻ «ክፍል ሁለት»፣ «ቅጽ ሁለት» የሚል መኖሩን በሽፋኑም በውስጥ ገጹም ፈልጉ። አንዳንድ ተከታታይ መጽሐፍ ይህን ሽፋኑ ላይ አይጽፍም፤ የጀርባውን ጽሑፍ ወይም የደራሲውን መቅድም ካላነበባችሁ አታውቁም። የመጀመሪያውን ላላነበበ ሰው ሁለተኛውን መስጠት መጽሐፉን ማባከን ነው።

3. ሦስት ዕጩ ያዙ

አሁን ካለቀው መጽሐፍ ተነሡና አንድ እርምጃ ብቻ ራቁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ሰውየው የሕይወት ታሪክ አነበበ ሲባል ስለዚያው ዘመን፣ ስለዚያው ጦርነት ሌላ መጽሐፍ ይፈልጋል። ያ የቀረበ ቢመስልም ሰውየው ቀድሞ የደረሰበት ቦታ ነው። አንዱን ነገር ጠብቁ፣ አንዱን ቀይሩ፤ ወይ ዓይነቱ ይቆይና ዘመኑ ይለወጥ፣ ወይ ቦታው ይቆይና ዓይነቱ ይለወጥ።

ለእኚህ ሰው መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ነው። 1975 ዓ.ም. የታተመ፣ አሥመራና የቀይ ኮከብ ዘመቻን መነሻ ያደረገ ልብ ወለድ ነው። ሰውየው በዚያ ከተማ ነበሩና ወጣቱ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ግን ተቃወምኩ። በዚያ ዘመን አሥመራ የነበረና ማንበብ የሚወድ ሰው ይህን መጽሐፍ አላነበበውም ብሎ መገመት ይከብዳል። ያላነበበውም ከሆነ ሆን ብሎ የተወው ሊሆን ይችላል፤ ያ ዘመን የሞተ ጓደኛ ያስታውሰው ይሆናል። ሁለቱም ዕድል ስጦታውን ይጎዳል።

ሁለተኛው የሚጠራው ፍቅር እስከ መቃብር ነው። 1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ እየተነበበ ያለ፣ በሬዲዮም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የተተረከ ነው። ያላነበበው ቢገኝ ሰምቶታል፤ ያነበበው ቤቱ አለው። በስጦታ በብዛት የሚደጋገመው መጽሐፍ በእኔ ግምት ይህ ነው። ከዚህ ይልቅ የዚሁ ደራሲ ያነሰ የሚታወቅ ሥራ መያዝ በጣም ይረዳል። ሐዲስ ዓለማየሁ ከጣሊያን ጋር ስለተደረገው ጦርነትና ስለ ምርኮ ዘመናቸው የጻፉት ትዝታ የሚል መጽሐፍ አላቸው። ደራሲውን ሁሉም ያከብራል፤ መጽሐፉ ግን በየቤቱ የለም። ከአንድ ታዋቂ ደራሲ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን መጽሐፍ መፈለግ ለማታውቁት ሰው ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

የወጣቱ ሦስት ዕጩዎች እንዲህ ሆኑ። አንደኛ ትዝታ፤ ዓይነቱ ያው፣ ዘመኑ የተለየ። ሁለተኛ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ፤ በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የተማሩ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው፤ በሙያ ለኖረ ሰው ይስማማል ብለን አሰብን። ሦስተኛ ትልቅ ፊደል ያለው የአጫጭር ልብ ወለዶች ስብስብ፤ ይህን የያዝነው ሰውየውን ያስቆማቸው ደቃቁ ፊደል ብቻ ከሆነ ብለን ነው።

ሦስት ያዙ የምለው በምክንያት ነው። አንዱ ከተማው ውስጥ አይገኝም፣ አንዱ ሲገኝ ሕትመቱ የተበላሸ ይሆናል።

4. መደብር ውስጥ ፈትሹ

*የዓይን ፈተና።* መጽሐፉን መሐል ላይ ክፈቱና ከፊታችሁ አንድ ክንድ አርቃችሁ ያዙት። ሰ እና ስ፣ ቀ እና ቁ፣ ለ እና ሉ በግልጽ ይለያሉ? ለእናንተ ለመለየት ካስቸገረ ለአንድ አዛውንት አይሆንም። አንድ ሙሉ ገጽ ላይ መስመሮችንም ቁጠሩ፤ በተለመደው መጠን መጽሐፍ ከ35 በላይ ከሆኑ ጽሑፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሱቁ ብርሃናማ ከሆነ ጥላ ያለበት ቦታ ቆማችሁ ድገሙት።

*የመጀመሪያ ገጾች ፈተና።* ቆማችሁ ሁለት ገጽ አንብቡ። ሻጩ አይከፋም። የምትፈልጉት ማን፣ የት፣ ምን እያደረገ እንደሆነ በእነዚያ ሁለት ገጾች መታወቁን ነው። ረጅም የምስጋና ዝርዝር፣ ከዚያ የሌሎች ሰዎች አስተያየት፣ ከዚያ መቅድም ያለው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚተወው እዚያው ነው፤ እንዲህ ያለውን ከወደዳችሁት ታሪኩ የሚጀምርበት ገጽ ላይ ወረቀት አስገቡበት።

*የሕትመት ፈተና።* መጽሐፍ በትልቅ ወረቀት ታትሞ እየታጠፈ ስለሚጠረዝ ጉድለት ሲመጣ በነጠላ ገጽ አይመጣም። ብዙ ጊዜ እጥፉ 16 ገጽ ነውና ከ16 ወደ 17፣ ከ32 ወደ 33፣ ከ48 ወደ 49 እያላችሁ እስከ መጨረሻ ቁጥሩን ተከታተሉ። የጎደለ፣ የተደገመ፣ ተገልብጦ የገባ ወይም ባዶ የቀረ ካለ እዚህ ይያዛል። የመጨረሻውን ገጽ በተለይ እዩ። ታሪኩ መሐል ላይ የሚቋረጥ ስጦታ ሰጪውን ለረጅም ጊዜ ያሳፍራል።

*የተባዛ ቅጂ።* ያለ ደራሲው ፈቃድ የሚባዛ መጽሐፍ ገበያው ውስጥ አለ። ምልክቱ የሽፋኑ ቀለም መደብዘዝ፣ የውስጡ ጽሑፍ ግራጫ መሆን፣ መስመሩ በገጹ ላይ መጣመም፣ ጀርባው ሲከፈት ሙጫው መሰንጠቅ ነው። ከሌላ መደብር ቅጂ ጋር ስታስተያዩት ወዲያው ይታያል። አትግዙት። ደራሲው ከዚህ አንድ ሳንቲም አያገኝም፤ ተቀባዩም ሁለተኛ ጊዜ ሲገልጠው ገጹ ይረግፋል።

ትዝታ ያገለገለ ቅጂ ተገኘ፤ ወረቀቱ ቢጫ፣ ጠረዙ የላላ። ያገለገለ መጽሐፍ ለጓደኛ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ለጡረታ በዓል፣ ገና ዝምድና ለሚጀመርበት ቤት ግን ተውነው። የፊታውራሪውን መጽሐፍ አንድ ባልደረባዬ ጋ አገኘነው። ወፍራም ነው፤ ይህ አሳሰበን። ግን ሰውየው አሁን ጊዜ አላቸው፤ ያኛውንም የሕይወት ታሪክ ሁለት ጊዜ ጨርሰዋል። ቅጂውን በክንድ ርቀት አየነው፤ አለፈ። እጥፎቹን ቆጠርን፤ ሙሉ ነበር።

5. ከመክፈላችሁ በፊት ስለ መቀየር ተስማሙ

ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው። ሻጩን «ለስጦታ ነው፤ ቢኖራቸው ንጹሕ እንደሆነ ልቀይረው?» ብላችሁ ጠይቁ። እስከ ስንት ቀን እንደሆነ፣ ዋጋው የበለጠ መጽሐፍ ቢመርጡ ልዩነቱን መክፈል ይቻል እንደሆነ አብራችሁ ተነጋገሩ። ፈቃደኛ ከሆነ ደረሰኙ ወይም ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀኑን ያስፍርላችሁ። ገንዘብ መልስ ማለት ከባድ ነው፤ መጽሐፍ በመጽሐፍ መቀየር ግን አብዛኛው ሻጭ ይስማማል።

እንግዲህ ልማዳችንን አንድ ቦታ ላይ መቀየር ግድ ነው። *በመጀመሪያው ገጽ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ።* «ለማስታወሻ ይሁንልኝ» ተብሎ ከተፈረመበት በኋላ መጽሐፉ አይቀየርም። መልእክታችሁን በካርድ ወይም በወፍራም ወረቀት ጽፋችሁ ውስጡ አስገቡት። ተቀባዩ ከወደደውና እንድትጽፉበት ከጠየቀ ያኔ ጻፉ።

የጀርባውን ዋጋ በምላጭ አትፋቁ፤ ሽፋኑ ይላጣል። አንዳንዴ በታተመው ዋጋ ላይ አዲስ ዋጋ ተለጥፎ ይገኛል፤ እሱንም አትላጡ፤ በላዩ ሌላ ንጹሕ ወረቀት ለጥፉ።

6. አሰጣጥ

ጠቅልላችሁ፣ በሁለት እጅ፣ ከሰው መሐል ገለል ብላችሁ ስጡ። እኛ ዘንድ ስጦታ በሰጪው ፊት ብዙ ጊዜ አይከፈትም፤ ስለዚህ ፊታቸውን አይታችሁ ወደዱት አልወደዱት ማለት አትችሉም። ያኔ የሚጠቅማችሁ በደረጃ 1 የያዛችሁት የቤት ሰው ነው። ስለ መቀየሩ ስምምነት ለእሱ ብቻ ንገሩት። «ካነበቡት ይቀየራል» ብሎ ለተቀባዩ መንገር ምርጫችሁን ራሳችሁ እንደማታምኑበት ያስመስላል፤ ትልቅ ሰው ደግሞ ስጦታ ቀይሩልኝ ማለት ያፍራል።

«አንብበው ሲጨርሱ ይንገሩኝ» አትበሉ። የቤት ሥራ ይሆንባቸዋል።

ወጣቱ ካርዱ ላይ ለምን እንደመረጠው ሁለት መስመር ጻፈ፦ በሙያቸው አገር ያገለገሉ ሰው ታሪክ ስለሆነ እርስዎን አሰብኩ የሚል። ይህ ቅን ምክንያት ነው፤ ባይወዱት እንኳ ለምን እንደመጣላቸው ያውቃሉ።

ሲበላሽ

*መጽሐፉ ቤታቸው ካለ፦* የቤቱ ሰው በተስማማችሁት ቀን ውስጥ መልሶ ያምጣው፤ ወደ ሁለተኛው ዕጩ ሂዱ። በወጣቱ ጉዳይ ይህ አልገጠመም፤ ቢገጥም የአጫጭር ልብ ወለዱ ስብስብ ተለይቶ ተቀምጦለት ነበር።

*ገጽ ጎድሎ ከተገኘ፦* ሳትፈሩ መልሱ። ይህ የሕትመት ጉድለት ነው፤ የመቀየር ስምምነት ባይኖር እንኳ ሻጩ መቀበል አለበት። የጎደለውን ገጽ ቁጥር ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ መደርደሪያ ላይ ያሉትንም በዚያው ቁጥር አብራችሁ ፈትሹ። ጉድለቱ በአንድ ቅጂ ብቻ ላይቆም ይችላልና።

*ሳይነበብ ከተቀመጠ፦* ወራት አልፈው ምልክቱ መጀመሪያው ላይ እንደቆመ ከሰማችሁ አትጠይቋቸው፤ አታስታውሷቸውም። የት ገጽ እንደቆመ ብቻ በቤቱ ሰው በኩል እወቁ። ለሚቀጥለው ጊዜ ከሁሉ የተሻለ መረጃ ይህ ነው።

*የሚጠየቅ ሰው ከሌለና ግብዣው ነገ ከሆነ፦* ልብ ወለድም ታሪክም ተዉና በቀላሉ ገረፍ ገረፍ የሚደረግ፣ ከየትም ገጽ የሚጀመር መጽሐፍ ፈልጉ፤ የተረትና ምሳሌ ስብስብ፣ የአጭር ወጎች መድበል፣ ፎቶ የበዛበት ስለ ከተማው የተዘጋጀ ሥራ። የዓይንና የእጥፍ ፈተናውን ግን አትዝለሉ፤ ሁለቱም መደብሩ ውስጥ ቆማችሁ በአሥር ደቂቃ ያልቃሉ።